«የትኛው ይበልጣል?» ሲባሉ በሬውን የሚጠቁሙ ልጆች

ጥያቄ፦ «ጎንደር የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል እስከ 20 ይቆጥራሉ። ስዕል እያሳየሁ በቃል ስጠይቃቸው ግን ነገሩ ይበላሽብኛል። ሰባት ዶሮ ያለበትን ስዕል አንዱ ስምንት ይለኛል፣ ሌላው አስር። ‹የትኛው ይበልጣል?› ስላቸው ደግሞ ስድስቱን ጫጩት ትተው ሶስቱን በሬ ይጠቁማሉ። ልጆቹ ቁጥር አያውቁም ማለት ነው? ወይስ ችግሩ ከጥያቄዬ ነው? ስንት ጥያቄ ልጠይቃቸው? ከስንትስ ልያዝላቸው?»

ምላሽ፦ ከበሬዎቹ ልጀምር። ሶስቱን በሬ የጠቆሙት ልጆች አልተሳሳቱም። የተጠየቁትን ነው የመለሱት።

«ይበልጣል» የሚለውን ቃል ልጅ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማው ያስቡ። «እሷ ትበልጥሃለች፣ አክብራት» ሲባል ስለ ዕድሜ ነው። ሁለት ልጆች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው «ማን ይበልጣል?» ሲሉ ስለ ቁመት ነው። ቅዳሜ ገበያ እናቱ ሁለት ጥቅል ጎመን በእጇ እየመዘነች «ይሄኛው ይበልጣል» ስትል ስለ መጠን ነው። ቃሉ ለብዛትም ያገለግላል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን መጀመሪያ የሚመጣለት ብዛት አይደለም። በሬ ከጫጩት ይበልጣል። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

ስለዚህ ስዕሉን ሳይነኩ ቃሉን ብቻ ይቀይሩት። «የትኛው ይበዛል?» ይበሉ። ወይም «ብዙ እንስሳ ያለው የትኛው ጋ ነው?» ይበሉ። «ይበዛል» ሲባል ልጁ ወደ ዕድሜም ወደ ቁመትም አይሄድም። በሬውን የጠቆሙትን ልጆች ብቻ ለየብቻ ጠርተው ያንኑ ስዕል በአዲሱ ቃል ይጠይቋቸው። ጣታቸው ወደ ጫጩቶቹ ከሄደ ችግሩ ቃሉ ነበር። እዚያው አለቀ።

አሁንም በሬው ላይ የሚቀሩ ጥቂት ልጆች ይኖራሉ። እነዚህን የሚያታልላቸው ዓይናቸው ነው። ሶስት በሬ ወረቀቱን ይሞላዋል፤ ስድስት ጫጩት ደግሞ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል። ልጁ የሚያየው የተያዘውን ቦታ ነው። ይህን ለማጣራት እንስሳቱን ይተዉና እኩል መጠን ያላቸውን ክቦች በሁለት መስመር ይሳሉ። ከላይ አምስት ክብ ተራርቀው፣ ከታች ስድስት ክብ ተጠጋግተው ይሁኑ። የላይኛው መስመር ይረዝማል፤ የታችኛው ይበዛል። የላይኛውን የሚመርጥ ልጅ በርዝመት እየፈረደ ነው። ለእሱ የሚረዳው እርሳስ ይዞ ከላይኛው ክብ ወደ ታችኛው አንድ በአንድ መስመር ማገናኘት ነው። ከታች አጋር ያጣ ክብ ሲቀር በዓይኑ ያየዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለት ምርጫ ያለው ጥያቄ ሳያውቁም ግማሽ ጊዜ ይመለሳል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ቢጠቁም እንኳ ከሁለት አንዱን ያገኛል። ስለዚህ በአንድ ካርድ አይፍረዱ። ሶስት ካርድ ያሳዩ። ሶስቱንም በዕድል ብቻ የሚያገኝ ልጅ ከስምንት አንድ ነው። ካርዶቹንም ያፈራርቁ። አንዱ ላይ የሚበዙት ትንንሾቹ ይሁኑ፣ ሌላው ላይ ትልልቆቹ። የሚበዛው ሁልጊዜ በቀኝ ከሆነ ልጆቹ ቀኙን ይለምዱታል።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ እንምጣ። «እስከ 20 ይቆጥራሉ» ያሉት ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ትልቁ አለመግባባት ያለው እዚህ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እያሉ መደርደር እንደ ሀ ሁ የቃል ትምህርት ነው። በዜማም ይያዛል። ስዕል መቁጠር ሌላ ነው። ሮቸል ጌልማን እና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. የመቁጠርን መርሆች ዘርዝረው አሳትመዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉት ሶስቱ ናቸው። ልጁ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ሳያዛንፍ ይላል። ለአንድ ዶሮ አንድ ቃል ብቻ ይሰጣል። ከዚያም የመጨረሻው ቃል የመጨረሻዋ ዶሮ ስም ሳይሆን የሁሉም ዶሮዎች ብዛት መሆኑን ያውቃል። ሶስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በአፍ ቆጠራ ደግሞ ፈጽሞ አይታይም።

እዚሁ ጎንደር በአንድ ትምህርት ቤት ያየኋቸውን ሁለት ልጆች ልንገርዎት። ሁለቱም የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ።

ለመጀመሪያው ልጅ ሰባት ዶሮ በአንድ መስመር የተደረደረበትን ካርድ ሰጠሁት። ጣቱ ከዶሮ ወደ ዶሮ ሳትዘል ሄደች። «…አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።» እንከን የለውም። «ስንት ዶሮ አለ?» አልኩት። ጣቱን መልሶ መጀመሪያዋ ዶሮ ላይ አደረገና «አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት…» አለ። ሲጨርስ እንደገና ጠየቅኩት። እንደገና ቆጠረ። ሶስተኛ ጊዜ ካርዱን በመዳፌ ሸፈንኩትና «ስንት ዶሮ ነበር?» አልኩ። የእጄን ጀርባ አየ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ «አስር» አለ። ከዚያ ቆርኪዎች ጠረጴዛው ላይ በተንኩለት። «ሁለት ስጠኝ።» ሁለት ሰጠኝ። «ሶስት ስጠኝ።» ሶስት። «አምስት ስጠኝ።» ሳይቆጥር አፍሶ ገፋልኝ። ስምንት ነበሩ።

ሁለተኛዋ ልጅ የደረሳት ካርድ ዶሮዎቹ የተበተኑበት ነበር። ያው ሰባት ናቸው። ቆጠረችና «ስምንት» አለች። ላይ ያለችውን ዶሮ መጀመሪያም መጨረሻም ነክታታለች። ካርዱን ሸፍኜ «ስንት ነበር?» ስላት ዓይኗን ሳታሽ «ስምንት» አለች። «አምስት ቆርኪ ስጪኝ» አልኳት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አምስት አስቀመጠች። «ሰባት ስጪኝ።» ሰባት አስቀመጠች።

እነዚህን ሁለት ልጆች በተለመደው መንገድ ቢያርሟቸው ምን ይሆናል? ልጁ ሰባቱንም በትክክል ስለቆጠረ ራይት ያገኛል። ልጅቷ ስምንት ስላለች ኤክስ ይደረግባታል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልጅቷ ቁጥር ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ የጎደላት የነካችውን ዶሮ መለየት ብቻ ነው። በእርሳስ ነጥብ እያደረገች እንድትቆጥር ቢያሳዩዋት በአንድ ክፍለ ጊዜ ትስተካከላለች። ልጁ ግን ለእሱ «ሰባት» የቆጠራው ማብቂያ ድምፅ ነው። ብዛትን የሚያውቀው እስከ ሶስት ብቻ ነው። እስከ 50 ቁጠር ቢባል ምንም አይጠቅመውም። የሚያስፈልገው አራት ነው። አራት ቆርኪ፣ አራት ሽምብራ፣ አራት ጣት። መጀመሪያ «ይሄ አራት ነው» ብሎ ጠቅላላውን መሰየም፣ ከዚያ መቁጠር፣ ከዚያ እንደገና «አራት» ማለት። አራት ሲጸና ወደ አምስት መሄድ። አብዛኛውን ጊዜ አምስትን ያለፈ ልጅ ስድስትና ሰባት ላይ እንደዚያ አይቸገርም።

እርስዎ ጋ «ስምንት» ያለው እና «አስር» ያለው ልጅም ምናልባት እንደነዚህ ሁለቱ ናቸው። በአንድ የሚስት መልስ ብዙውን ጊዜ የጣት ስህተት ነው፤ አንዷን ዘሏታል ወይም ደግሟታል። ርቆ የሚሄድ መልስ ብዙውን ጊዜ ግምት ነው። ግን በመልሱ ብቻ አይወስኑ። ሁለት ነገር ይጨምሩበት። ካርዱን ሸፍነው «ስንት ነበር?» ይበሉ። ከዚያ በቆርኪ «ይህን ያህል ስጠኝ» ይበሉ። ስዕል ልጁ የቆጠረውን ያሳያል፤ «ስጠኝ» ደግሞ ቁጥሩን ራሱ እንዲሠራ ያስገድደዋል። በእጅ የሚነካ ነገር ሳይጨመርበት በስዕል ብቻ የተደረገ ምርመራ ግማሽ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

ጣቱን ብቻ ሳይሆን ጆሮዎን ለአፉም ይስጡ። ከአስር በላይ ሲሄዱ እኔ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት አለ። ልጁ «አስራ» ሲል አንዱን ይነካል፣ «አንድ» ሲል ቀጣዩን። አንድ ቁጥር ሁለት ዶሮ ይበላል። ይህ የቁጥር አለማወቅ ሳይሆን ቃሉን በሁለት መክፈል ነው። ለዚህም ነው ለመጀመሪያው ምርመራ ከአስር የሚያልፍ ስዕል የማልመክረው።

ስዕሉ ራሱም ያሳስታል። ፀሐይና ሳር ያለበት ስዕል ላይ ፀሐይዋን አብሮ የሚቆጥር ልጅ አይቻለሁ። አንዷ ዶሮ ከሌላዋ ጀርባ ግማሽ ተደብቃ ከሆነ ልጁ አንድ ይላታል ወይም ይተዋታል። ፎቶ ኮፒ ሲደጋገም ደግሞ ጫጩቱ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። በክብ የተደረደረ ስዕል መነሻውም መድረሻውም ስለማይታወቅ ልጁ እየዞረ ይቆጥራል። መጽሐፉ ላይ ያለውን ያማረ ስዕል ይተዉት። ወፍራም ወረቀት ላይ በማርከር ራስዎ ይሳሉ። እንስሳቱ የማይነካኩ፣ ሙሉ ሆነው የሚታዩ፣ ከጀርባቸው ምንም የሌለ ይሁኑ። ስዕል አልችልም ካሉ ክብ በቂ ነው፤ «እንቁላል ነው» ይበሏቸው።

አንድ የስዕል ጥያቄ ግን ከነአካቴው ይተው ብዬ እለምንዎታለሁ። ዛፍ ላይ ሶስት ወፍ፣ ሁለት ወፍ ደግሞ እየበረረ፤ «ስንት ቀረ?» የሚለውን ማለቴ ነው። የቆመ ስዕል ድርጊት አያሳይም። ልጁ የሚያየው አምስት ወፍ ነው። የሚበሩት እየመጡ ነው ወይስ እየሄዱ? አምስት ቢልም፣ ሁለት ቢልም፣ ሶስት ቢልም ከዓይኑ ጋር አልተጣላም። መቀነስን ማየት ከፈለጉ አምስት ቆርኪ ያሳዩት፣ በጣሳ ይድፉባቸው፣ ልጁ እያየ ሁለቱን ከስር ያውጡ። «ውስጥ ስንት ቀረ?» ያኔ ጥያቄው ግልጽ ነው።

ስለ ልዩነት ግን ስዕል ጥሩ ይሠራል፤ ቃሉ ከተስተካከለ። ቶም ሃድሰን የተባለ ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። ለልጆች ወፎችና ትሎች ያሉበት ስዕል አሳየ፤ ለምሳሌ አምስት ወፍና አራት ትል። «ወፎቹ ከትሎቹ በስንት ይበልጣሉ?» ሲል ከአንደኛ ክፍል ልጆች 64 በመቶ ያህሉ ብቻ መለሱ። ያንኑ ስዕል «ወፎቹ ሁሉ እየሮጡ አንዳንድ ትል ሊይዙ ቢሄዱ፣ ትል የማይደርሳቸው ስንት ናቸው?» ሲላቸው ሁሉም መለሱ። ስዕሉ አልተቀየረም። ቁጥሩ አልተቀየረም። የተቀየረው ጥያቄው ብቻ ነው። በአማርኛ «በስንት ይበልጣል?» ላይ ከላይ ያነሳነው የ«ይበልጣል» ጣጣ ይጨመርበታል። ስለዚህ አምስት ልጅና ሶስት ዳቦ ይሳሉ። «ለአንድ ልጅ አንድ ዳቦ ብናድል ዳቦ የማይደርሳቸው ስንት ልጆች ናቸው?» ይበሉ። ዳቦ ለወንድምና ለእህት ማካፈል የለመደ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። «በስንት ይበልጣል» የሚለውን አባባል በኋላ ያስተምሩታል። መመርመሪያ አያድርጉት።

ስንት ጥያቄ ለሚለው፣ ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ የሚሆን ይበቃል። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሶስት እንቁላል ያለበትን ካርድ ሁለት ሰከንድ ያህል ብልጭ አድርጌ እደብቃለሁ፤ «ስንት አየህ?» እላለሁ። እስከ ሶስት ድረስ ልጅ ሳይቆጥር በዓይኑ ይይዛል። ቅልሞሽ የሚጫወቱ ልጆች ጠጠሩን በጨረፍታ ስለለመዱ እዚህ ላይ ይቀናቸዋል። ቀጥሎ ሰባቱ ዶሮ በመስመር፣ ከዚያ መሸፈን። ቀጥሎ ሶስቱ «የትኛው ይበዛል?» ካርዶች። ከዚያ በቆርኪ ሶስት፣ አምስት፣ ሰባት «ስጠኝ»። መጨረሻ ላይ ልጆቹና ዳቦው። በተከታታይ ሁለት ካቃተው እዚያው አቆማለሁ። ማስጨነቅ ምንም አይጨምርልኝም።

በክፍል ፊት፣ በህብረት አይጠይቁ። አንዱ ጮክ ብሎ ከመለሰ የተቀሩት ተከትለው ይጮኻሉ፤ እርስዎም የሚሰሙት የአንዱን እውቀት ነው። በር አጠገብ ወይም ጥላ ስር አንድ በአንድ ያስቀምጧቸው፤ የልጁ ጀርባ ወደ ክፍሉ ይሁን። 58 ልጆች በአምስት ደቂቃ ወደ አምስት ሰዓት ያህል ይሆናል። በአንድ ቀን አይሞከርም። በቀን ስድስት ልጅ ቢወስዱ በአስር የትምህርት ቀን ያልቃል። ሌሎቹን ደብተር ላይ ሥራ ሰጥተዋቸው ነው የሚወጡት።

ስትጠይቁ የምትሳሳቱት ነገር አለ እላለሁ ለመምህራን ሁሉ፤ እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ልጁ ትክክል ሲል «ጎበዝ!» እንላለን፣ ሲሳሳት ዝም እንላለን። ዝምታውን ወዲያው ያነበዋል፤ መልሱን ይቀይራል። «እርግጠኛ ነህ?» ማለትም ያው ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ያስጥለዋል። ለሁሉም መልስ በአንድ ዓይነት ድምፅ «እሺ» ይበሉ። የማይናገር ልጅ ካጋጠመዎት «አያውቅም» ብለው አይለፉት። ታላቅ ሰው ፊት ዝም በል ተብሎ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። «በጣትህ አሳየኝ» ይበሉት። ካርዱን አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ፣ ወይም ጥያቄውን ሁሌ የሚያስደግም ልጅ ካለ ደግሞ የሒሳብ ነገር ከማሰብዎ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ ብለው ለወላጆቹ ይንገሩ።

ከስንት ልያዝላቸው ላሉት መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። አይያዙ። ነጥብ ከሰጡ ከላይ ያሉት ሁለት ልጆች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እርስዎም የማያስፈልገውን ትምህርት ለማያስፈልገው ልጅ ያስተምራሉ። በነጥብ ፈንታ ከስሙ ጎን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሲሸፈን ሰባት አለ።» «ሲጠየቅ እንደገና ቆጠረ።» «እስከ ሶስት ሰጠኝ፣ አምስት ላይ አፈሰ።» «በይበዛል ተስተካከለ።» ማታ ላይ እነዚህን ሲያነቡ ልጆቹ በሦስት ይከፈሉልዎታል። ብዛቱ የገባቸው፣ ብዛቱ ገብቷቸው ጣታቸው የሚስት፣ እና ገና ሶስትና አራት ላይ ያሉ። ጊዜዎን መስጠት ያለብዎት ለመጨረሻዎቹ ነው። በቀን አስር ደቂቃ፣ አራት አምስት ሆነው፣ በቆርኪ።

ይህ ምርመራ የማያሳይዎትም አለ። ልጁ 7 የሚለውን ምልክት ማንበብ መቻል አለመቻሉን አይነግርዎትም። ከአስር በላይ ስላለው ቁጥርም አይናገርም። አንድ ቀን የተራበ ወይም ያለቀሰ ልጅ የሰጠውን መልስም የልጁ እውቀት አድርገው አይውሰዱት፤ ከሁለት ቀን በኋላ መልሰው ይጥሩት። ኦ ክፍል ያልገባና ካርድ ላይ ያለ ስዕል ሲጠየቅ የመጀመሪያው የሆነ ልጅ ካለም፣ መቁጠር ሳይጀምሩ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ዶሮዋን በስሟ ያስጠሩት። ዶሮ መሆኗን ካላወቀ ዶሮ መቁጠር አይችልም።

ገና ሶስትና አራት ላይ ያሉትን ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይጠይቋቸው። ያኔ ግን አዲስ ካርድ ይሳሉና ዶሮዎቹን ስድስት ያድርጓቸው። «ሰባት» የሚለውን መልስ እስከዚያ ድረስ ክፍሉ በሙሉ በቃሉ ይዞታል።